FVC ስለወረደ ብቻ ሳንባው አነሰ አይባልም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የሲ ዋን የሕክምና ተማሪ ነኝ። አንዲት ታካሚ የትንፋሽ መለኪያው ስፓይሮሜትር ላይ ነፍታ፣ በኃይል ያወጣችው ጠቅላላ አየር፣ ማለትም FVC፣ ዝቅ ብሎ፣ የFEV1/FVC ሬሾው ደግሞ ኖርማል ሆኖ ሳየው "ሪስትሪክቲቭ"፣ ሳንባዋ አንሷል ብዬ አቀረብኩ። ሬዚደንቱ ወረቀቱን አንዴ አየና "ግራፉን አይተሽዋል?" ብሎ አስደገመው። ሲደገም ኦብስትራክቲቭ፣ የትንፋሽ ቧንቧ መጥበብ ሆኖ ወጣ። ያው ሰው፣ ያው ሳንባ፣ ያው ቀን! FVC የሚወርደው ሪስትሪክቲቭ ላይ አይደል እንዴ? የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለተኛውን እመኚ። ምክንያቱ ካልገባሽ ግን ነገም እዚያው ላይ ትወድቂያለሽ፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አነባበብሽ ልክ ነበር። FVC ዝቅ ብሎ ሬሾው ደህና ከሆነ "የሪስትሪክቲቭ ፓተርን" ይባላል። የተማርሽው ይሄንን ነው፣ ያቀረብሽውም ይሄንኑ ነው። የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። ወረቀቱ ላይ FVC ተብሎ የታተመው ቁጥር፣ የሴትየዋ FVC አልነበረም።

እኔ FVC ወርዶ ሳይ ሦስት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው፣ ሳንባው እውነትም ትንሽ ሆኗል። ሁለተኛው፣ ሳንባው ትልቅ ነው፣ አየሩ ግን ውስጥ ታስሮ ቀርቷል። ሦስተኛው፣ ታካሚው ትንፋሹን ሳይጨርስ አቁሟል፤ ወይም መጀመሪያውኑ በደንብ አልሳበም። ሪስትሪክቲቭ የሚባለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ማሽኑ ግን ሦስቱንም በአንድ ዝቅ ያለ ቁጥር ይጽፋቸዋል። ለይቶ የማወቁ ሥራ ያንቺ ነው።

ጅማ ነሽና በጀበና ላስረዳሽ። ሁለት ጀበና አስቢ። አንዷ ትንሽ ናት፣ አፏ ግን ንጹህ ነው። ስትቀጂ ቡናው ባንዴ ይወርዳል፣ ሁለት ስኒ ሞልታ ታልቃለች። ሌላዋ ትልቅ ናት፣ አፏ ላይ ያለው ጭራ ግን በአተላ ተደፍኗል። ቡናው ክር ክር እያለ ይወርዳል። ሁለት ስኒ እንደሞላሽ ሰለቸሽና አስቀመጥሻት፤ ሆዷ ውስጥ ገና ብዙ አለ። ስኒ ብቻ የቆጠረ ሰው ጀበናዎቹ እኩል ናቸው ይላል። አቀዳዱን ያየ ግን አይሸወድም።

FVC የስኒው ብዛት ነው፤ ሰውየው እስከ ጥግ ስቦ፣ በኃይል እስከ መጨረሻው ሲተነፍስ የወጣው ጠቅላላ አየር። FEV1 በመጀመሪያዋ ሰከንድ ብቻ የወጣው ነው። ሬሾው፣ ማለትም FEV1/FVC፣ ከጠቅላላው ስንት እጁ በዚያች ሰከንድ ወጣ የሚለውን ይነግርሻል። ጤነኛ ጎልማሳ በግምት ከ70 እስከ 85 ከመቶውን ያወጣል። ወጣት ላይ ከፍ፣ አዛውንት ላይ ዝቅ ይላል። FEV1 ብቻውን አይለይልሽም፤ በሁለቱም በሽታ ይወርዳልና።

ይህ የመጠንና የጊዜ ነገር በታሪክም ለየብቻ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃችንሰን ስፓይሮሜትሩን ይዞ የመጣው በ1846 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ የለካው መጠኑን ብቻ ነበር። ፈረንሳውያኑ ቲፍኖና ፒኔሊ የመጀመሪያዋን ሰከንድ የጨመሩት በ1947 ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ስኒ ብቻ ሲቆጥር ነበር ማለት ነው። አንቺ በአንድ ቀን ብትሳሳቺ አይገርምም።

ጀበናዋ የማታስረዳው አንድ ነገር ግን አለ። የጀበና አፍ ሸክላ ነው፣ አይጨፈለቅም። የትንፋሽ ቧንቧ ለስላሳ ነው። በኃይል ስንተነፍስ ደረት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ቧንቧዎቹን ከውጭ ይጫናቸዋል። ጤነኛ ሳንባ እንደ ላስቲክ የተወጠረ ስለሆነ ቧንቧዎቹን ዙሪያውን ስቦ ክፍት ያደርጋቸዋል። ኢምፊዚማ ላይ ያ ላስቲክ ይላላል። ሰውየው በገፋ ቁጥር ቧንቧው ይደፈናል፣ አየሩም ከበስተጀርባው ይታሰራል። ፋይብሮሲስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሳንባው ደርቆ ስለተወጠረ ቧንቧዎቹን አጥብቆ ይዞ ይከፍታቸዋል። ያለችው ትንሽ አየር ፈጥና ትወጣለች። ሬሾው ኖርማል፣ አንዳንዴም ከኖርማል በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ታካሚ እንሂድ። ያንቺን ወረቀት አላየሁትም። እኔ ጋ ከመጡት መካከል በጣም የሚመስለውን ልንገርሽ፤ ሴትየዋ እንዳትታወቅ ዝርዝሯንም ቁጥሯንም ለማስተማር እንዲመች አስተካክዬዋለሁ።

ከጅማ ወጣ ካለ ገጠር የመጣች የ52 ዓመት እናት ናት። ቁመቷ 156 ሴንቲ ሜትር። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ግን መስኮት በሌለው ማድ ቤት በእንጨት ስታበስል ኖራለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጨርሳለች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጠዋት ጠዋት አክታ አላት። ከመንፋቷ በፊት አክታዋ በጂን ኤክስፐርት ታይቶ ነቀርሳ እንደሌለባት ተረጋግጧል። ይህን አትዝለይው። በሽታው ንቁ የሆነ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ አስር ጊዜ በኃይል ሲተነፍስና ሲያስል ላንቺም ለቀጣዩ ታካሚም አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

```
            Measured   Pred   %Pred   LLN
FVC  (L)      1.45     2.60     56    1.95
FEV1 (L)      1.05     2.10     50    1.55
FEV1/FVC      0.72     0.81           0.69
```

Pred ከእሷ የሚጠበቀው ቁጥር ነው። LLN ማለት በእድሜዋ፣ በጾታዋና በቁመቷ ያሉ ጤነኞች ላይ የኖርማል የታችኛው ወሰን ነው። ከመቶ ጤነኛ ሰው አምስቱ ከዚያ በታች ይሆናሉ። በዚህ መሠረት FVC ወርዷል፣ FEV1 ወርዷል፣ ሬሾው ግን ከወሰኑ በላይ ነው። "ሪስትሪክቲቭ!" ማለት ይመጣል። የነቀርሳ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ጠባሳ ሳንባዋን አሳንሶታል ብለሽ ታሪኩንም ትገጥሚለታለሽ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ታሪኩ ሲያምር ግራፉን የሚያይ የለም።

ከቁጥሮቹ ሥር ሁለት ግራፍ አለ። መጀመሪያ መጠኑን ከጊዜ ጋር የሚያሳየውን እይ። አግድሙ ሰከንድ ነው፣ ወደ ላይ ሊትር ነው። መስመሩ በፍጥነት ይወጣል፣ ከዚያ እየጎበጠ ይሄድና መጨረሻው እንደ ሜዳ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋው ሳንባው የሚያወጣውን ሁሉ ማውጣቱን ይነግርሻል። የእሷ መስመር ግን 2.4 ሰከንድ ላይ፣ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ዳገት እየወጣ መሃል መንገድ ላይ የቆመ ሰው ዓይነት። ጫፉ የት እንደሆነ አይታወቅም።

ይህ ምን እንደሚያደርግ በሬሾው ሒሳብ አስቢው። የመጀመሪያዋ ሰከንድ አልተነካችም፤ FEV1 እውነተኛ ነው። የተቆረጠው ጅራቱ ነው። ኦብስትራክሽን ያለበት ሰው ደግሞ በጅራቱ ላይ ከጤነኛው ይልቅ ብዙ አየር ያወጣል። ጅራቱን ስትቆርጪ FVC ያንሳል። አካፋዩ ሲያንስ ሬሾው ያድጋል። ስለዚህ አንድ አጭር ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ሁለት ውሸት ይዋሻል፦ የሌለ ሪስትሪክሽን ይፈጥራል፣ ያለውን ኦብስትራክሽን ይደብቃል። ክፋቱ፣ በሽታው በባሰ ቁጥር ውሸቱ ይብሳል። በጣም የታመመው ሰው ነው ቶሎ የሚደክመው።

ደገምነው። የደገመችው ነርስ ኦሮምኛ ትችላለች፤ ልዩነቱን ያመጣው እሷ ናት። በመጀመሪያው ጊዜ ለታካሚዋ መመሪያው የተነገራት በአማርኛ ነበር፣ እሷም ትህትና ይዟት ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች። ነርሷ መጀመሪያ ራሷ ነፍታ አሳየቻት። አፍንጫዋን ቆነጠጠችላት፣ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፣ ከንፈሯ በአፍ መያዣው ዙሪያ መግጠሙን አየች። ከዚያ እስከ ጥግ አስሳበቻትና "አፉፋ! አፉፋ! አፉፋ!" እያለች ክፍሉን በጩኸት ሞላችው። ስፓይሮሜትሪ ጨዋነት አይወድም። በለሆሳስ "ይንፉ" ያለ ሰው ጥሩ ግራፍ አያገኝም።

መስመሩ አሥረኛው ሰከንድ አካባቢ ጠፈፍ አለ። ሦስት ጊዜ ነፋች፣ ሁለቱ ትልልቆቹ FVCዎች በ60 ሚሊ ሊትር ብቻ ተለያዩ። እስከ 150 ይፈቀዳል፤ የFEV1ም እንዲሁ። ልዩነቱ ከዚያ ከበዛ ትደግሚያለሽ። ከስምንት ጊዜ በላይ ግን አታስነፊ፣ ሰውየው ይዝላል እንጂ ቁጥሩ አይሻሻልም።

```
            Measured   Pred   %Pred   LLN
FVC  (L)      1.86     2.60     72    1.95
FEV1 (L)      1.04     2.10     50    1.55
FEV1/FVC      0.56     0.81           0.69
```

FEV1 አንድ ቦታ ቆሟል። FVC ግን በ410 ሚሊ ሊትር አድጓል፤ ሬሾውም ከ0.72 ወደ 0.56 ወረደ። ሳንባዋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አልተቀየረም። ጅራቱ ስለተለካ ብቻ ነው። ኦብስትራክሽን አለ፣ ለዚህ ክርክር የለም። በLLN ብትሄጂም፣ ጎልድ የተባለው ዓለም አቀፍ የሳንባ በሽታ መመሪያ በሚለው ቋሚ 0.70 ብትሄጂም ያው ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ዳር ዳር ላይ ነው። የ22 ዓመት ወጣት 0.73 አምጥቶ በ0.70 ሲያልፍ በLLN ሊወድቅ ይችላል። የ78 ዓመት አዛውንት ደግሞ በተቃራኒው። እኔ LLNን እመርጣለሁ፤ ፈተና ላይ ግን የተጠየቅሽውን መልሺ።

ሁለተኛውን ግራፍም አስተያይው፣ የአየሩን ፍጥነት ከመጠኑ ጋር የሚያሳየውን። ጤነኛ ሰው ላይ ፍጥነቱ ወዲያው ጫፍ ይደርስና እንደ ጎጆ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ኦብስትራክቲቭ ላይ ጣሪያው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ዝናብ የደበደበው አሮጌ ሣር ቤት ይመስላል። ሪስትሪክቲቭ ላይ ቅርጹ አይሰረጉድም፣ ይጠባል እንጂ። እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ ያለ፣ ቁመት ያለው፣ ወርዱ ግን አጭር ነው። የዚህች እናት ግራፍ በመጀመሪያውም ወረቀት ላይ ተሰርጉዶ ነበር። ሬዚደንትሽም አንዴ አይቶ ያወቀው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩ ሲዋሽ ቅርጹ ብዙ ጊዜ አይዋሽም።

አሁን አንቺ የጠየቅሽው ዋናው ነገር መጣ። በሁለተኛው ወረቀት ላይም FVC 1.86 ነው፤ ከ1.95 በታች። ትንፋሿን ጨርሳለች፣ ታዲያ ለምን ወረደ? ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ "ሚክስድ" ብሎ ይገላገላል። ኦብስትራክቲቭም ሪስትሪክቲቭም ማለት ነው። ሊሆን ይችላል፤ ነቀርሳ ሁለቱንም ትቶ ይሄዳል። ጠባሳው ሳንባን ያጨማትራል፣ የተበላሹት ቧንቧዎች ደግሞ አየር ያስራሉ። ግን ሌላ መንገድም አለ፤ የታሰረው አየር ራሱ FVCን ያወርደዋል። ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር ሲበዛ ወጥቶ የሚለካው ያንሳል። ጠቅላላው ሳንባ ኖርማል ሊሆን፣ እንዲያውም ተነፍቶ ሊተልቅ ይችላል። ስፓይሮሜትር ደግሞ የሚለካው የወጣውን ብቻ ነው። ውስጥ የቀረውን አያየውም። የጀበናዋን ሆድ ስኒ ቆጥረሽ አታውቂውም።

የቀረውን ለማየት ጠቅላላ የሳንባ መጠን መለካት ያስፈልጋል። ታካሚው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚለካበት ማሽን አለ፣ ቦዲ ፕሌቲስሞግራፍ ይባላል። ሪስትሪክሽን የሚረጋገጠው ጠቅላላው የሳንባ መጠን ከLLN ሲወርድ ብቻ ነው። ማሽኑ በየሆስፒታሉ የለም። በእጅሽ ባለው ግን ብዙ መሄድ ትችያለሽ።

ሳልቡታሞል ሰጠናት፤ አራት ፓፍ በስፔሰር፣ 400 ማይክሮ ግራም። ሩብ ሰዓት ጠብቀን አስነፋናት።

```
            Pre     Post    Change
FVC  (L)    1.86    2.21    +0.35
FEV1 (L)    1.04    1.16    +0.12
FEV1/FVC    0.56    0.52
```

እስቲ ቀስ ብለሽ እይው። FVC 2.21 ሆነ፣ ከወሰኑ በላይ ወጣ። የጠፋ መስሎን የነበረው አየር እዚያው ታስሮ ነበር። ቧንቧዎቹ ትንሽ ሲከፈቱ ወጣ። የጠባሳ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሳልቡታሞል በሩብ ሰዓት አይፈታውም ነበር። ስለዚህ "ሚክስድ" ማለት አያስፈልግም። ኦብስትራክቲቭ ነው፣ አየር አስሯል፣ አለቀ።

FEV1 በ120 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የጨመረው። ይህ ከሚጠበቅባት 2.10 ሊትር 6 ከመቶ ያህል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት መስፈርት ትርጉም የሚሰጠው ለውጥ ከሚጠበቀው 10 ከመቶ ሲያልፍ ነው። FEV1 አላለፈም። FVC ግን 350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከ2.60ው 13 ከመቶ ጨምሯል፤ አልፏል። FEV1ን ብቻ የሚያይ ሰው "መድኃኒቱ አልሠራም" ይላል። እሷ ግን ትንፋሿ ቀለል እንዳላት ራሷ ነገረችን። ሬሾው እንደወረደም አስተውዪ፦ ከ0.56 ወደ 0.52። ተማሪ ይህን አይቶ "ባሰባት" ሲል ሰምቻለሁ። አልባሰባትም። አካፋዩ አደገ እንጂ።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። FVC ከሳልቡታሞል በኋላ ማደጉን ከማመንሽ በፊት ሁለቱን የትንፋሽ ጊዜ አወዳድሪ። በፊት 6 ሰከንድ፣ በኋላ 12 ሰከንድ ነፍታ ከሆነ ጭማሪው የመድኃኒቱ ሳይሆን የሰዓቱ ሊሆን ይችላል። የእሷ ሁለቱም አሥር ሰከንድ አካባቢ ነበሩ።

ሳልቡታሞል ባይፈታውስ? ያኔ ቀስ ያለውን ቫይታል ካፓሲቲ ለኪ። ብዙዎቹ ስፓይሮሜትሮች ላይ SVC በሚል ይገኛል። ታካሚው በኃይል ሳይሆን ዘና ብሎ እስከ መጨረሻው ይተነፍሳል። ኃይል ከሌለ ቧንቧዎቹ አይጨፈለቁም፣ የታሰረው ይወጣል። SVC ከFVC በግልጽ ከበለጠ አየር ታስሮ ነበር ማለት ነው። በእውነተኛ ሪስትሪክሽን ሁለቱ ያው ናቸው፤ ትንሿ ጀበና በቀስታም ተቀዳች በፍጥነት ሁለት ስኒ ነው የሚወጣት።

እውነተኛው ሪስትሪክቲቭ ምን እንደሚመስል ደግሞ በአጭሩ። ከዚህች እናት ቀጥሎ የገባው ሰውዬ አከርካሪው ከልጅነቱ የጎበጠ ነው። FVC 1.90፣ FEV1 1.65፣ ሬሾ 0.87። ትንፋሹ በሦስት ሰከንድ አለቀ። "ይሄም አጭር ነው፣ ይደገም" እንዳትዪ! ሰዓቱን ሳይሆን የመስመሩን መጨረሻ እይ። የእሱ መስመር በሁለተኛው ሰከንድ ጠፍጥፎ፣ ለአንድ ሰከንድ ሙሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው ያለቀው። በዚያ የመጨረሻ ሰከንድ የወጣው አየር ከ25 ሚሊ ሊትር ካነሰ ትንፋሹ አልቋል ይባላል። ትንሽ ሳንባ ቶሎ ይጨርሳል። "ስድስት ሰከንድ ካልሞላ አይቆጠርም" የሚለው የቆየ ሕግ ስንቱን ደህና ግራፍ አስጥሏል።

የእሱን ቁመት ስታስገቢም ተጠንቀቂ። ጎብጦ የለካሽው ቁመት የሚጠበቀውን መጠን ያሳንሰዋል፣ በሽታውም ቀለል ያለ ይመስላል። ሁለት እጁን ዘርግቶ ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ትለኪያለሽ፣ እሱን በቁመት ፋንታ ትጠቀሚያለሽ።

ቅርጹ ሁሉ ተሟልቶ፣ FVC ወርዶ፣ ሬሾው ኖርማል ሆኖም ቢሆን እርግጠኛ አትሁኚ። በ1999 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በ1,831 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። የሪስትሪክቲቭ ፓተርን ካሳዩት መካከል ጠቅላላ የሳንባ መጠን ሲለካ ሪስትሪክሽን የተገኘባቸው 58 ከመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል FVCው ኖርማል የሆነ ሰው ላይ ሪስትሪክሽን የተገኘው ከ3 ከመቶ ባነሱት ላይ ነው። ይህ ማለት ኖርማል FVC ሪስትሪክሽን "የለም" ለማለት ጎበዝ ነው። የወረደ FVC "አለ" ለማለት ግን ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ራጁን አውጪ፣ ጀርባውን በስቴቶስኮፕ አዳምጪ፣ አከርካሪውን፣ ሆዱን፣ እርግዝናን፣ የጡንቻ ድክመትን እይ። ሪስትሪክሽን ምክንያት አለው። ፈልገሽ ምክንያት ካጣሽለት መጀመሪያ ፈተናውን ጠርጥሪ።

በደንብ ያልሳበ ሰውም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ከግማሽ የጀመረ ሰው FVCም FEV1ም ይወርዱበታል፣ ሬሾው ደህና ይመስላል፣ መስመሩም ጠፍጥፎ ያልቃል። ፍጹም ሪስትሪክቲቭ! የሚያጋልጠው፣ ነፍቶ ሲጨርስ መልሶ እንዲስብ ማድረግ ነው። የሳበው ከነፋው ከ100 ሚሊ ሊትር ወይም ከFVC 5 ከመቶ በላይ ከበለጠ (ከሁለቱ የሚበልጠውን ያዢ) መጀመሪያውኑ ሞልቶ አልጀመረም ነበር።

ማሽኑም ይዋሻል። ሬዚደንት ሳለሁ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጠዋት አራት ሰው ተከታትሎ ሪስትሪክቲቭ ወጣ። እኔ ደግሞ ጽፌ ጽፌ አስተላለፍኩ። ከሰዓት አንድ ሲኒየር መጥቶ ባለ ሦስት ሊትሩን ሲሪንጅ አምጣ አለኝ። ገፋነው፣ ማሽኑ 2.6 አለ። ከ2.91 እስከ 3.09 ነበር ማለት የነበረበት። ቱቦው ላይ ስንጥቅ ነበረ። አራቱንም መልሰን ጠራናቸው፤ አንዱ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲሪንጁ ሳይገፋ ቀኑን አልጀምርም።

ስለሚጠበቀው ቁጥርም አንድ ልበል። ማሽኑ ላይ የሚጠበቀውን የሚያሰላ፣ GLI የሚል ዓለም አቀፍ ቀመር ታገኛለሽ። በ2012ቱ ዝርዝር ውስጥ ለእኛ ሰው የተሠራ ቡድን የለም። አንዱ ክፍል "Caucasian" መርጦ፣ ሌላው "African American" መርጦ ቢሠራ የአንዲት ሴት የሚጠበቅ FVC በ15 ከመቶ ያህል ሊለያይ ይችላል። በአንዱ "ሪስትሪክቲቭ"፣ በሌላው "ኖርማል" ትሆናለች። በ2022 የወጣው "GLI Global" ዘር አይጠይቅም፤ ካለሽ እሱን ተጠቀሚ። ሬሾው ግን በዚህ ብዙም አይናወጥም፤ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ስለሚቀያየሩ። ወረቀት ሳነብ ግራፉን፣ ቀጥሎ ሬሾውን፣ FVCን ደግሞ መጨረሻ የማየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚያች እናት የጻፍነው ይህ ነው፦ "የፈተናው ጥራት ጥሩ። የአየር መተላለፊያ መጥበብ አለ። ከሳልቡታሞል በፊት FVC ወርዶ የነበረው በታሰረ አየር ነው፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ኖርማል ሆኗል። የሪስትሪክሽን ማስረጃ የለም።" ከጭሱ ነው፣ ከነቀርሳው ነው ወይስ አስምም ተቀላቅሎበታል የሚለውን ስፓይሮሜትሪ አይመልስም። የቀኝ ላይኛው ሳንባዋ ላይ የቆየ ጠባሳ ራጁ አሳይቷል፣ የጭሱም ታሪክ ረጅም ነው። እኔ ሁለቱም ድርሻ አላቸው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያውን ወረቀት እንዳትጥዪው። "ትንፋሹ ሳያልቅ የተቆረጠ፣ ለንባብ አይሆንም" ብለሽ ጻፊበትና ከሁለተኛው ጋር ካርዷ ውስጥ አያይዥው። ያለበለዚያ የሚቀጥለው ሐኪም FVC ከ1.45 ወደ 1.86 አደገ ብሎ መድኃኒቱን ያመሰግናል።